ለግዕዝ የሚጻፍ ፍትሐት

የመመረቂያ ጽሑፍ ወራት በመጣ ቁጥር ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ርእስ አለ፦ «በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ምእመናን የግዕዝን ቋንቋ ለትውልድ በማስተላለፍ ረገድ ያላቸው ሚና፣ ያጋጠማቸው ችግርና የመፍትሔ ሐሳብ»። ርእሱ ብቻውን ሁለት መስመር ይፈጃል። በዚህ ጉዳይ የተነደፉ ሦስት ፕሮፖዛሎች ዘንድሮ አንብቤአለሁ። ጸሐፊዎቹ ጓደኞቼ ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም፤ ጠቤም ከነሱ ጋር አይደለም። ጠቤ ሦስቱም ከተቀዱበት ቅጽ ጋር ነው። ቅጹ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አያቶች ይችላሉ፣ አባቶች በመጠኑ ይችላሉ፣ ልጆች አይችሉም፤ ስለዚህ ግዕዝ እየሞተ ነው፤ ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ይስጡት። አለቀ! ይህ ጥናት ሳይሆን ፍትሐት ነው፤ ያውም ሬሳው ሳይታይ።

የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው። በዋሽንግተን፣ በዳላስ ወይም በሎስ አንጀለስ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን እሑድ ጠዋት ግዕዝ መሰማቱ፣ ግዕዝ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉን አያሳይም። ልጆቹ ግዕዝ አለመቻላቸውም አለመተላለፉን አያሳይም። ሁለቱም ነገሮች ሊገለጹ የሚችሉት «ይህ የሚሰማው ድምፅ ትምህርቱን ከየት አገኘው?» የሚለው ሲመለስ ብቻ ነው። ከሦስቱ ፕሮፖዛሎች አንዱም ይህን አልጠየቀም።

ከመጠይቁ እንጀምር። የሁሉም ቁጥር አንድ ጥያቄ «ግዕዝ ትችላለህ/ትችያለሽ? ሀ. በጣም ለ. በመጠኑ ሐ. አልችልም» የሚል ነው። እስቲ ይህን ጥያቄ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚያገለግል አንድ ዲያቆን አቅርቡለት። ምን ይመልሳል? ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ወጥቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ቅዳሴውን በቃሉ ይዟል። ተነሽና ወዳቂውን፣ ሰያፍና ተጣዩን ለይቶ ያነባል፤ የሚጠብቀውን አጥብቆ የሚላላውን አላልቶ። ነገር ግን ቅኔ ቤት ካልገባ «ይህ ግሥ ምን ማለት ነው?» ቢሉት ሊጨነቅ ይችላል። ታዲያ ይህ ሰው ይችላል ወይስ አይችልም? በአብነት ትምህርት ቤት አካሄድ ማንበብ፣ በዜማ ማድረስና ትርጉሙን ማወቅ በየራሳቸው ቤትና በየራሳቸው መምህር የሚገኙ ናቸው። ቅኔ ሳይዘልቅ ቀድሶ የሚኖር አለ፤ ይህም ነውር ሆኖ አያውቅም። እኛ ግን የሦስት ቤት ትምህርት በአንድ ሣጥን ከትተን «በመጠኑ» የሚል ምልክት እናስደርግበታለን፤ ከዚያ አሜሪካ የተወለደው ልጅ «አልችልም» ሲል እናለቅሳለን። ያ ልጅ እኮ እዚህ ካለው ምእመን አብዛኛው የሚሰጠውን መልስ ነው የሰጠው! ሕዝቡ ከሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ግዕዝን በአፍ መፍቻነት አይናገረውም። የዚህን ቋንቋ ጤንነት «ስንት ሰው ይናገረዋል?» እያሉ መለካት፣ የዓሣን ጤንነት በሩጫ እንደ መለካት ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። «በቤተ ክርስቲያናችሁ በግዕዝ ይቀደሳል?» ብላችሁ ስትጠይቁ የምትጠይቁት ስለ ቋንቋ ነው። ለዜማ ሰው ግን ግዕዝ ከዕዝልና ከአራራይ ጋር የሚቆጠር የዜማ ስም ነው። «በግዕዝም በዕዝልም እንቀድሳለን» ብሎ ቢመልስላችሁ፣ እናንተ «ዕዝል የትኛው ቋንቋ ነው?» ልትሉ ነው። ለፊደል አስተማሪው ደግሞ ግዕዝ ከካዕብና ከሣልስ በፊት ያለው የመጀመሪያው የፊደል ረድፍ ነው፤ ለንባብ ተማሪ ከውርድ ንባብ በፊት የሚመጣው የንባብ ዓይነት ነው። አንድ ቃል፣ አራት ነገር። እዚያ ለተወለደው ልጅ ደግሞ አምስተኛ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰማውና እንግሊዝኛ ያልሆነው ነገር በሙሉ። ልጁ «ግዕዝ መዝሙር አውቃለሁ» ብሎ የሚያሰማችሁ ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ስለ ግዕዝ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ የግዕዝ፣ አንድ የአማርኛ ድምፅ አሰምታችሁ «የትኛው ምንድነው?» ማለት ያስፈልጋል። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ይህ ሳይደረግ የተሞላ መጠይቅ መቶም ይሁን ሁለት መቶ፣ ወረቀቱን ለሱቅ መጠቅለያ ስጡት።

ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ፤ «ሕያው» ማለት ምን ማለት ነው? ፕሮፖዛሎቹ ቃሉን ሳይፈቱት ያልፋሉ። እስቲ ኪርያላይሶንን አስቡት። ግሪክኛ ነው፤ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። የገጠር ባልቴት በሕማማት ስትሰግድ አርባ አንድ ጊዜ ትለዋለች። በአገራችን ግሪክኛ የሚናገር ምእመን አለ? የለም። ቃሉ ግን ከትውልድ ትውልድ አንዳች ሳይጎድልበት በጆሮ ብቻ ተላልፏል። ግሪክኛ በኢትዮጵያ ሕያው ነው እንበል? አንልም። ሞቷል እንበል? ባልቴቷ እየሰገደችበት እንዴት ሆኖ! ትክክለኛው አነጋገር፣ የግሪክኛ አንድ ሐረግ በሥርዓት ውስጥ ሕያው ነው፣ ከዚያ ውጪ ግን የለም የሚለው ነው። እንግዲህ ግዕዝም በአሜሪካ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል፤ ሕዝቡ የሚቀበላቸው አጫጭር ምላሾች ብቻ በቃል ቀርተው ረጅሙ የካህኑ ጸሎት ወደ አማርኛ፣ የዲያቆኑ ንባብ ወደ እንግሊዝኛ ሊዞር ይችላል። ይህ መሞት አይደለም፤ መኖርም አይደለም፤ መልክ መለወጥ ነው፤ ሊጠና የሚገባውም እርሱ ነው።

ለዚህ የሚሆን መለኪያ የታተመው መጽሐፈ ቅዳሴ ራሱ አዘጋጅቶ ሰጥቶናል። መጽሐፉን የገለጠ ሁሉ በየአንቀጹ ራስ ላይ ይ.ካ.፣ ይ.ዲ. እና ይ.ሕ. የሚሉትን ምልክቶች ያውቃል፤ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ። ከዚህ የተሻለ ሠንጠረዥ ከየት ይመጣል? ለእያንዳንዱ ክፍል «ዛሬ በየትኛው ቋንቋ ተባለ? ማን አለው? ከቃሉ፣ ከመጽሐፍ ወይስ ከግድግዳ ላይ ጽሑፍ?» ብሎ መሙላት ነው። ግዕዙን፣ አማርኛውን፣ እንግሊዝኛውንና በላቲን ፊደል የተጻፈውን ግዕዝ ጎን ለጎን አድርጎ በስክሪን ማሳየት በውጭ አገር የተለመደ ሆኗል። ከሦስቱ ፕሮፖዛሎች አንዱ ሃያ ስምንት ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሲያዘጋጅ፣ ይ.ሕ. የሚለውን ምልክት ግን አንዴም አላነሣውም።

አሁን አንድ እሑድ እንውሰድ። ምሳሌው የኔ ፈጠራ ነው፤ የማንኛዋም ቤተ ክርስቲያን ወሬ አይደለም። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። በምሳሌያችን ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ካህናት አገር ቤት ተምረው በጎልማሳነት የሄዱ ናቸው። ዋናው ዲያቆን በዲቪ የሄደ የጎንደር ልጅ ነው። ሁለቱ ዲያቆናት እዚያው የተወለዱ ናቸው፤ አንዱ አሥራ ስድስት፣ አንዱ አሥራ ሁለት ዓመቱ። ቅዳሴው ከሞላ ጎደል በግዕዝ ተደረሰ። አንደኛው ፕሮፖዛል ይህን ቢያይ «ግዕዝ በሙሉ ኃይሉ ተጠብቋል» ይላል። ሁለተኛው ወጣቶቹን ጠይቆ «ትርጉሙን አናውቅም» ሲሉት «ግዕዝ ሊጠፋ ነው» ይላል። ሁለቱም ያዩት ያንኑ እሑድ ነው!

ቆጠራውን እንለውጠው። ከአምስቱ ልዑካን ሦስቱ ያሰሙት ግዕዝ ከአገር ቤት በሻንጣ የሄደ ነው፤ እዚያ አልተወለደም፣ ከማንም እዚያ ካለ ሰው አልተወረሰም። ስለዚህ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለ መተላለፍ ምንም አይነግረንም፤ የሚነግረን ስለ ጉዞ ነው። የቀሩት ሁለቱ ናቸው ጥያቄያችን። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ፊደል አያነብም እንበል፤ ድርሻውን ከዋናው ዲያቆን አፍና በስልክ ከተቀዳ ድምፅ ቀድቶ በቃሉ ይዞታል። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ደግሞ በላቲን ፊደል ከተጻፈ ወረቀት ያነባል። በዚያች ቤተ ክርስቲያን መተላለፍ አለ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በዲያቆኑ ድርሻ ብቻ፣ ያውም በሁለት የተለያየ መንገድ። በካህኑ ድርሻ የለም። ጎንደሬው ዲያቆን ነገ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድስ? ይህን ነው መጠየቅ።

ይህ የመጓጓዝ ጉዳይ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጥናቱን ሁሉ የሚያዛባው እርሱ ነው። የጣሊያን ወይም የፖላንድ ስደተኛ ቋንቋ በአሜሪካ ሲጠና የተለመደው ታሪክ «የመጀመሪያው ትውልድ ይናገራል፣ ሁለተኛው ይሰማል፣ ሦስተኛው ይረሳል» የሚል ነው። ትውልዶቹ ተሰልፈው የሚሄዱ ይመስላል። የኛ ሰዎች ግን ተሰልፈው አልሄዱም። ከ1974 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ የተሰደደ አለ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው የስደተኞች ሕግ የገባ አለ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ሕግ በተቋቋመው ዲቪ የሄደ አለ፤ ባለፈው ዓመት የሄደም አለ። ስለዚህ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ሁለተኛ ትውልድ» የሚባለው የአርባ ዓመት አባወራም የስድስት ዓመት ሕፃንም ነው፤ «አንደኛ ትውልድ» የሚባለው ደግሞ ከዚያ አባወራ በዕድሜ የሚያንስ የሃያ አምስት ዓመት ዲያቆን ሊሆን ይችላል። በዕድሜ ከፋፍሎ «ከ18 እስከ 30» ብሎ የሚያሰላ መጠይቅ የሄደውንና እዚያ የተወለደውን አንድ ላይ ይደባልቃል፤ ያገኘው ቁጥርም የማንም አይደለም።

ጉዞው ቢቋረጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቤተ እስራኤልን ተመልከቱ። እነሱም ኦሪቱን የሚያነቡት፣ ጸሎታቸውንም የሚያደርሱት በግዕዝ ነበር፤ በጸሎታቸው ውስጥ አገውኛም ነበረበት። በ1984 እና 1985 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል እንዳለ ሄደ፤ ቄሶቹም አብረው። ኋላ ቀርቶ ቄስ እያስተማረ የሚልክ መንደር አልቀረም። እዚያ ደግሞ ልጆቹን የጠበቃቸው ተራ የሥራ ቋንቋ ሳይሆን ሌላ ቅዱስ ቋንቋ ነው፤ ዕብራይስጥ። በትምህርት ቤት የሚማሩት፣ በምኩራብ የሚጸልዩበት፣ አውቶቡስ ላይ የሚነጋገሩበት አንድ ሆነ። ግዕዙ በቄሶቹ ዘንድና እንደ ስግድ ባሉ በዓላት ላይ ቆየ፤ ስግድም በ2008 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ፓርላማ በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ታወቀ። በዓሉ ከበረ፤ ቋንቋው ግን በልጆቹ አፍ ገባ ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ከሦስቱ ፕሮፖዛሎች ሁለቱ ቤተ እስራኤልን «እንደ ሌሎች ዳያስፖራዎች ሁሉ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያልፏቸዋል። እንዴ! ልዩነቱ እኮ ነው ትምህርቱ። በአንዱ በኩል አቅርቦት ያልተቋረጠበትና የአገሩ ቋንቋ ቅዱስ ያልሆነበት ማኅበር፣ በሌላው በኩል አቅርቦት የተቋረጠበትና የአገሩ ቋንቋ ቅዱስ የሆነበት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚለያይ «ለውጡን ያመጣው ይህኛው ነው» ብሎ ለመፍረድ ንጽጽሩ ብቻውን አይበቃም፤ እሱን እቀበላለሁ። ግን ምን እንደምንጠይቅ ያሳየናል።

«ታዲያ አዲስ አበባ ተቀምጠን የዋሽንግተኑን እንዴት እናጥናው?» የምትሉ አትጠፉም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቪዛ የለም፣ ገንዘብ የለም። ቅጹ ለዚህ ያዘጋጀው መልስ መጠይቁን በስልክ ለአንድ የሚያውቁት ዘመድ ልኮ «ለወዳጆችህ አሰራጭልኝ» ማለት ነው። ውጤቱ የዘመዳችን ወዳጆች አስተያየት ነው እንጂ የአንዲትም ቤተ ክርስቲያን ሁኔታ አይደለም። የተሻለ መንገድ አለ። ከ2020 እ.ኤ.አ. የወረርሽኝ ወራት ወዲህ ብዙ የውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሴያቸውን በቀጥታ ያስተላልፋሉ፤ ቅጂውም ተከማችቶ ይቀመጣል። ሁለት ሰዓት ተኩል ቁጭ ብሎ፣ መጽሐፈ ቅዳሴን ጭን ላይ ዘርግቶ፣ ይ.ካ. ይ.ዲ. ይ.ሕ. እያሉ መከታተል ይቻላል። አሰልቺ ነው። ጥናት ነዋ!

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ማይክሮፎኑ ያለው በካህኑና በዲያቆኑ ፊት ነው። የሕዝቡ ድምፅ ከሩቅ እንደ ዝናብ ይሰማል ወይም ጭራሽ አይሰማም። ቅጂውን ብቻ የሰማ ሰው «ሕዝቡ ዝም አለ» ብሎ ይደመድማል፤ ዝም ያለው ግን ማይክሮፎኑ ሊሆን ይችላል። በተለይ ሴቶችን እንዲህ እናጠፋቸዋለን። መቅደስ ገብተው አያገለግሉም፤ ድምፃቸው ያለው በይ.ሕ. ውስጥና በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ነው። ልጅን አጠገቧ አቁማ «እንዲህ በል» የምትለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እናት ናት። ስለዚህ ለሕዝቡ ድርሻ ቅጂው አይበቃም፤ እዚያው ቆሞ የሚያስቀድስና አንድ እሑድ ከአምዱ ሥር ሆኖ የሚያስተውል ሰው ማግኘት፣ ወይም ለጥምቀትና ለክረምት ዕረፍት ወደዚህ የሚመጡትን ቤተሰቦች እዚሁ አግኝቶ ማነጋገር ያስፈልጋል። የልጅ ድምፅ በአደባባይ ስለ ተላለፈ ብቻም የኛ ሆነ ማለት አይደለም፤ ወላጅና ቤተ ክርስቲያኒቱ ሳይፈቅዱ ስለ አንድ ልጅ አነባበብ ለይቶ መጻፍ ነውር ነው።

ከድምፁ ምን ይገኛል? እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። አንድ ልጅ ግዕዙን ከየት እንዳገኘው ስሕተቱ ይናገራል። በጆሮ የተማረ የሚጠብቀውን ያጠብቃል፣ የሚላላውን ያላላል፤ ምክንያቱም የሰማውን ነው የሚመልሰው፤ የሚሳሳተው ቃላትን እርስ በርስ በማጣበቅ ወይም መሐል ላይ በመዝለል ነው። በፊደል የተማረ ፊደሉን በትክክል ይጠራል፤ ግን ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ እዚያ ላይ ይወድቃል። በላቲን ፊደል የተማረ በሁለቱም ይወድቃል፤ ጠን ከተ፣ ቀን ከከ፣ ጸን ከሰ ወይም ከተስ አይለይም፤ አናባቢውንም በእንግሊዝኛ ልማድ ይጎትተዋል። እንግዲህ አሥር ቃላት መርጦ፣ አምስቱ ጠ ቀ ጸ ያለባቸው፣ አምስቱ መጥበቅ ያለባቸው፣ ልጁ በቅዳሴ ላይ እንዴት እንዳላቸው መመዝገብ ይበቃል። ልጁን ፈተና ላይ ማስቀመጥም አያስፈልግም።

ይህም ቢሆን የራሱ ጉድለት አለው። ቤቱ እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ልጅ በጆሮው ተምሮም ጠ ላይሆንለት ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ በአማርኛ «ጠጅ» እና «ቆሎ» ሲል ስሙት። በአማርኛው ካለው በግዕዙ ከሌለው ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ በሁለቱም ከሌለው የምላሱ ልማድ ነው። ሌላው ጥንቃቄ ሐ እና ሀን፣ ዐ እና አን አለመለየቱን የውጭ አገር ጉድለት አድርጎ አለመቁጠር ነው። አማርኛ ተናጋሪው ካህን እዚሁ አገር ቤትም አይለያቸውም፤ ትግርኛ ተናጋሪው ይለያቸዋል። አንዱን ፕሮፖዛል ያረመ አንድ መምህር «ንጹሕ የግዕዝ አነባበብ ጋር ይነጻጸር» ብሎ በቀይ ጽፎበታል። የማን ንጹሕ? በዜማውም እንዲሁ ነው፤ የቅዳሴ ዜማ የደብረ ዓባይና የሰሌልኩላ እየተባለ ይለያያል። እዚያ የተወለደው ዲያቆን በየትኛው እንደሚያዜም የሚያውቅ ሰው ቢያዳምጠው የመምህሩን ወይም የሰማውን ቅጂ ዘር ይነግራችኋል። ይህን ለማወቅ የቅዳሴ መምህር አጠገብ መቀመጥ ይጠይቃል፤ ከተማችን ደግሞ የቅዳሴ መምህር አልተቸገረችም።

ስለ ናሙናም አንድ ቃል። «በዋሽንግተን ያሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት» ተብሎ እንደ አንድ ነገር ይጻፋል። ከ1991 እ.ኤ.አ. የፓትርያርክ ለውጥ በኋላ በአገር ቤቱ ሲኖዶስ ሥር ያሉ፣ በስደት ባለው ሲኖዶስ ሥር ያሉና ገለልተኛ የሚባሉ ነበሩ። ሁለቱ ሲኖዶሶች የታረቁት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ የፖለቲካ ወሬ ይመስል ይሆናል፤ ለኛ ጥያቄ ግን ከካህን አቅርቦት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ከአገር ቤት ጋር የተቆራረጠች ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ማስመጣት ከቸገራት፣ የራሷን ልጆች ይበልጥ አስተምራ ይሆን? ወይስ ቶሎ ወደ አማርኛ ዞራ ይሆን? ሁለቱም ይመስላሉ፤ ስለዚህ ሁለት ቤተ ክርስቲያን መርጦ፣ አንዷ ካንዱ አንዷ ከሌላው፣ ማነጻጸር ከመቶ መጠይቅ ይሻላል።

«ንድፈ ሐሳቡስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ቅጹ ውስጥ አንድ ክፍል አለና መሞላት አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚሞላው በጆሹዋ ፊሽማን ነው። ፊሽማን በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የቋንቋን መናጋት በስምንት ደረጃ ከፍሎ፣ ዋናው ነገር ቋንቋው በቤት ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉ ነው አለ። ለአማርኛ በዋሽንግተን ይሠራል፤ ግሩም መሣሪያ ነው። ግዕዝ ግን ከሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ቤት ውስጥ ስለማይተላለፍ፣ መለኪያው ገና ከመነሻው «ወድቋል» ይላል፤ ግዕዝ በዚያ ሚዛን በጎንደርም በአክሱምም የወደቀ ነው! የቻርልስ ፈርጉሰን የ1959 እ.ኤ.አ. ሐሳብ ይቀርባል፤ በትምህርት ብቻ የሚገኝ፣ በጭውውት የማይነገር የላይኛው ቋንቋ። ፈርጉሰን ግን በመጀመሪያ ያሰበው ስለ አንድ ቋንቋ ሁለት ዓይነቶች ነው፤ ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎችን እንዲጨምር ያሰፋው ራሱ ፊሽማን ነው፣ በ1967 እ.ኤ.አ.። ከዚህ በላይ መጥቀስ ለገጽ መሙያ ካልሆነ አያስፈልግም። ይልቅ ስለ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች በአሜሪካ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡትን መጽሐፍ አንብቡ፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሰዎችንም ይዟል፤ ሸለመይ የቤተ እስራኤልንም ጸሎት ቀድሞ ያጠኑ ናቸው።

በመጨረሻው የፕሮፖዛል ገጽ ላይ «የጊዜ ሰሌዳ» የሚል ሣጥን አለ፤ ሁሉም «መረጃ መሰብሰብ፦ ሁለት ሳምንት» ብለው ሞልተውታል። ሁለት ሳምንት ማለት ሁለት እሑድ ነው። ቅዳሴያቱ አሥራ አራት ናቸው፤ እንደ በዓሉ ይለዋወጣሉ፤ በእመቤታችን በዓል የተሰማው በሌላ እሑድ አይሰማም። በትልልቅ በዓላት እንግዳ ካህንና መዘምራን ከሌላ ከተማ ስለሚመጡ፣ የጥምቀት ቅጂ የዚያችን ቤተ ክርስቲያን ልጆች አያሳይም። በአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ልጆች ፊደልና ቅዳሴ የሚማሩበት የክረምት ትምህርትም በዚያን ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ በግንቦት ሁለት ተራ እሑድ፣ በመስከረም ሁለት ተራ እሑድ፣ እንደገና በጥር ሁለት ተራ እሑድ ተመዝግቦ፣ ያ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በመስከረም ያገኘው ጠ በጥር አብሮት እንዳለ ወይም እንደሌለ መታየት አለበት። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ስድስት እሑድ ነው፤ በሦስት ወር ርቀት ሳይሆን በስምንት።